በረኪና የማያስለቅቀው

እኛ ክፍል ሰው በስሙ አይጠራም። ማሽን የሚጠግነው ሰውዬ ብሎን ነው፤ እኔ ሬዲዮ ነኝ። ለምን ሬዲዮ እንደተባልኩ ትንሽ ከቆያችሁ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። እሷ ደግሞ እትዬ በረኪና ነበረች፤ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ፣ በላያችን ላይ የተሾመች፣ በእድፍ ላይ ደግሞ የነገሠች።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። አራት ማጠቢያ ማሽን፣ ሁለት ማድረቂያ፣ አንድ አንሶላ የሚተኩስ ትልቅ ሮለር፣ አንድ ረጅም የካውያ ጠረጴዛ አለን። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ስለሆነ ከመንገዱ የሚታየን የሰው እግር ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የቆሸሸው በጋሪ ይወርድልናል፤ ማታ ንጹሁ ይወጣል። እሷ የሁሉንም አንሶላ አራት ማዕዘን በእጇ ገልብጣ ሳታይ አንድም ጋሪ ከበሩ አያልፍም። አንዲት የቡና ጠብታ ካገኘች ያን ቀን አለቀልን። «ይሄ ንጹህ ነው? ይሄን ለእናትሽ ታነጥፊላታለሽ?» ትላለች። እናቴ ብታይማ አንሶላውን ሰርቃ ትሄድ ነበር፤ ግን ይሄን ለእሷ ማን ይነግራታል?

ዓመቱን ሙሉ ቀልዳችን እሷ ነበረች። ሳንቲም ታጥባለች እንላለን። ከሰው ጋር ስትጨባበጥ መጀመሪያ የጥፍሩን ሥር ታያለች እንላለን። ከቤቷ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ቀጠሮ ያስፈልጋል እንላለን። ስትሰማን «እናንተ አፋችሁን በረኪና ባጥበው ደስ ይለኝ ነበር» ብላ ታልፋለች። አትስቅም፤ ግን አትቀየምም።

ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ላይ አረገዘች። ባለቤቷ መኪና የሚጠግን፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ሰው ነው፤ እንደሰማሁት ያን ቀን ጋራዡ ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኛም ተደሰትን። ለመጀመሪያ ልጅ ትንሽ ዘገየች እንጂ ምን ይደረግ፣ ብለን አወራን። የማናውቀውን ነው ያወራነው።

ስድስተኛው ወር ላይ ሽንቷ ያቃጥላት ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄደች፣ ሽንቷን መረመሩ፣ ኢንፌክሽን ነው ብለው ለነፍሰ ጡር የሚሆን አንቲባዮቲክ ለሰባት ቀን ሰጧት። በሰዓቱ ዋጠች፤ እሷ ሰዓት አታሳልፍም። ዳነች። እኛም ረሳነው።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ይመስለኛል፣ ሴትዮዋ መቀመጥ አቃታት። በሻይ ሰዓት ሁላችን ጋሪ ላይ ስንዘረር እሷ ቆማ ነው የምትጠጣው። አንዱን እግሯን ታነሳለች፣ ሌላውን ትጥላለች። ሽንት ቤት ትሄዳለች፤ እርጉዝ ነችና ይሁን አልኩ። ግን ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከንፈሯን ነክሳለች። አንድ ቀን ደግሞ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እየተኮሰች ካውያውን እላዩ ላይ ረሳችው። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ልብሱ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡናማ ሆኖ ታተመ። እሷም ዝም ብላ አየችው እንጂ በማንም ላይ አልጮኸችም። ያኔ ነው የፈራሁት።

ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ተከተልኳት። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ አንኳኩቼ ሳልጨርስ ገፋሁት። ወለሉ ላይ ሳፋ አለ፤ ሳፋው ውስጥ ውኃ፣ በእጇ ደግሞ የበረኪናው ጠርሙስ ክዳን። ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው።

«እትዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውጪ!»

«ለምንድን ነው በረኪናው?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ውጪ ብያለሁ!»

አልወጣሁም። ደንዳና ነኝ፤ እናቴም ትለኛለች። በሩን ከጀርባዬ ዘጋሁና ቆምኩ። እሷም መቆም ሲያቅታት ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች። ያቺ ሴት፣ ብሎን እጁ ማሽን ውስጥ ገብቶ ሲጮህ እንኳ «ደሙን አንሶላው ላይ እንዳታንጠባጥብ» ያለች ሴት፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ቀስ ብላ ነገረችኝ። ያሳክካታል፤ ማሳከክ ብቻ አይደለም፣ እሳት ነው። ሽንቷ ሲነካው ቆዳዋ ይለበለባል። አይብ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣታል። መጀመሪያ በሳሙና ታጠበች፤ ባሰ። በሞቀ ውኃና በጨው ታጠበች፤ ባሰ። ከዚያ ትንሽ በረኪና በብዙ ውኃ። በቀን ሦስቴ። «ትንሽ ነው የማደርገው» ትለኛለች፣ እኔን ልታጽናና። ቆዳዬ ተሸማቀቀ።

«ሐኪም ጋ ሄድሽ?»

«ባለፈው ሐሙስ ቀጠሮ ነበረኝ።»

«እና?»

«እንዴት እሄዳለሁ? እንደዚህ ሆኜ ልከፈትላቸው?»

እንግዲህ እኔ ሬዲዮ ነኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ ዕውቀት አለኝ ብዬ አሰብኩ። ካቻምና ጥርሴ መግል ይዞ አንቲባዮቲክ ስጨርስ እኔንም እንዲሁ አድርጎኝ ነበር፤ ፋርማሲ ሄጄ አንዲት ፍሬ ክኒን ውጬ በሦስት ቀን ተገላገልኩ። «ይሄ ምንም አይደለም፣ ነገ አመጣልሻለሁ» አልኳት። አይ እኔ! አፌ ከጭንቅላቴ ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ይቀድማል።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ፋርማሲ ገባሁ። ባለመነጽሩ ሰውዬ ነው ያለው፤ ከኋላዬ ደግሞ ሁለት ወንዶች ተሰልፈዋል። እኔ፣ አሥራ አምስት ሰው በተቀመጠበት ታክሲ ውስጥ ስለ አክስቴ ኪንታሮት የማወራው ሴት፣ ድምፄ ጠፋ። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ በሹክሹክታ «ያቺ አንድ ፍሬዋን፣ የማሳከኩን» አልኩት።

«ለራስሽ ነው?»

«አዎ፣ ለራሴ ነው።»

«እርጉዝ አይደለሽም?»

«አይደለሁም።» ምን ዋሸሁ? እኔ አይደለሁማ።

ሰውዬው ሳጥኑን አውጥቶ ከማስቀመጡ በፊት «እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም ይቺን የምትዋጠዋን ለእርጉዝ አንሰጥም» አለ። እንደ ተራ ነገር ነው የተናገረው። እኔ ግን ክው አልኩ። እጄን ወደ ሳጥኑ ዘርግቼ ነበር፤ ሰበሰብኩት። የሷ ሆድ ታየኝ። ለመሆኑ ማን ነኝና ነው ሐኪም የሆንኩት?

«ለእህቴ ነው» አልኩ፤ አሁን ጮክ ብዬ፣ ወንዶቹም ይስሙ። «ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አንቲባዮቲክ ወስዳ ነበር።»

ሰውዬው መነጽሩን አወለቀ። አልተቆጣኝም። አብዛኛውን ጊዜ ፈንገስ ነው አለኝ፤ ለእርጉዝ ደግሞ ከውስጥ የሚደረግ መድኃኒት አለ፣ አይዋጥም። «ግን የሚያሳክክ ሁሉ ፈንገስ አይደለም። ሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ፈሳሹ የእንሽርት ውኃም ሊሆን ይችላል። ሳትታይ ምንም አልሰጥሽም። ዛሬውኑ ውሰጃት» አለኝ። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እሷ ሮለሩ አጠገብ ቆማ እየጠበቀችኝ ነበር። ባዶ እጄን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«አልሰጡሽም?»

«ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ አሁን።»

«አልሄድም።»

«እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«ተረትሽን ለራስሽ ያዢው።»

ዓይኔ ደም ለበሰ። በሕይወቴ በእሷ ላይ ጮኼ አላውቅም፤ ጮኽኩ። «ሥራ የገባሁ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ዝገት የነካው የትራስ ልብስ ላይ በረኪና ስደፋ እጄን መትተሽ ያስጣልሽኝ! ‹እድፉ ምን እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትደፊበት፤ ዝገት በበረኪና ይብሳል፣ ደም በሙቅ ውኃ ይደርቃል› ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ለትራስ ልብስ ያዘንሽውን ለራስሽ አታዝኝም? ሽፍንፍን አድርገሽ ይዘሽው ልጁ አንድ ነገር ቢሆንስ?»

ይቺን የመጨረሻዋን ባልናገራት ኖሮ። ምላሴ ይቆረጥ!

እሷ የሮለሩን ማብሪያ አጠፋች። ክፍሉ ጸጥ ሲል ሌሎቹ ቀና አሉ፤ እሷ በእጇ ምልክት ወደ ሥራቸው መለሰቻቸውና እኔን ወደ ንጹህ ልብስ መደርደሪያው ክፍል ይዛኝ ገባች። እዚያ በተደራረቡ ፎጣዎች መካከል፣ ፊቷን ወደ ፎጣዎቹ አዙራ ነገረችኝ።

ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከዚህ ሥራ በፊት ሁለቴ አርግዛለች። አንዱ በአራተኛ ወሩ፣ ሌላው በአምስተኛ ወሩ ሄዱ። ሁለተኛው የሄደ ቀን አማቷ አልጋው አጠገብ ቆመው፣ አንሶላውን በሁለት ጣት አንስተው «ማህፀንሽ ቆሻሻ ነው። ልጅ ቆሻሻ ቤት አያድርም» አሏት። ባሏ አልነበረም፤ ለእሱ አልነገረችውም። ለማንም አልነገረችም። አማቷ ከሞቱ አምስት ዓመታቸው ነው።

«አሁን ደግሞ ያው መጣ» አለችኝ። «ቆሻሻው። ሄጄ ብታይ ‹አማትሽ ልክ ነበሩ› ሊሉኝ ነው። ካጠብኩት ግን...» አልጨረሰችውም።

ስንት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ታጥባለች እያልን ስንስቅ ኖርን! መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ሬዲዮዋ እኔ፣ አንድ ቃል ሳልናገር ከመደርደሪያው ላይ የእጅ ቦርሳዋን አወረድኩ፣ ጃኬቷን አለበስኳት፣ ክንዷን ያዝኩ። እሷም ሳትታገል ተከተለችኝ። የደከማት ይመስለኛል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የእርጉዞች ክፍል በስተቀኝ ነው። ወረፋ አለ። አግዳሚው ላይ መቀመጥ ስላልቻለች ቆመች፤ እኔም አብሬያት ቆምኩ። አዋላጇ ወፍራም፣ ድምፀ ሰላላ ሴት ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይሏታል። ካርዱን ገልጣ «ሐሙስ ቀርተሻል፣ የኔ እናት» አለች። ቁጣ የለውም።

ከዚያ ጠየቀች። ከመቼ ጀምሮ? ቀለሙ ምን ዓይነት ነው? ሽታ አለው? ውኃ ሆኖ ፈሶብሽ ያውቃል? ደምስ? ቁርጠት? ትኩሳት? ልጁ ይንቀሳቀሳል? እሷ በአንድ ቃል በአንድ ቃል መለሰች። ሽታ የለውም። ውኃ አልፈሰሰም። ደም የለም። ትኩሳት የለም። ልጁ ሲንቀሳቀስ ነው የሚውለው።

«በምን ታጠብሽ?»

እሷ የጃኬቷን ቁልፍ መቆለፍና መፍታት ያዘች።

«በሳሙና?»

«በበረኪና!» አልኩ እኔ። ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔን አየችኝ፣ እሷን አየቻት። «የኔ እናት፣ ነይ አልጋው ላይ ውጪ» ብላ ወደ መጋረጃው አስገባቻት።

እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ቆምኩ። የጓንት ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጥሎ «አሁን ልነካሽ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው» የሚል። «እህ» የሚል የሕመም ትንፋሽ። ሲስተር የተለበለበውን ቆዳ አይታ «ውይ፣ ውይ፣ ምን በድሎሽ ነው» አለች፤ ለቆዳው ነው ያለችው። ከፈሳሹ በትንሽ ጥጥ ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከች፤ የጣት ደምም ለስኳር አስወሰደች፤ እርግዝና ላይ ስኳር ከፍ ካለ ፈንገስ እንደሚያበረታ ነገረችን። የልጁን ልብ አስደመጠችን። ኩክ ኩክ ኩክ ይላል፤ እንደ ትንሹ ማሽናችን ፈጣን ነው። ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። ስኳሩ ደህና ነበር። በማይክሮስኮፑ የታየው ፈንገስ ነው፤ የእንሽርት ውኃም አይደለም፣ ሌላ ኢንፌክሽንም አልተገኘም።

ሲስተር ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «ስሚኝ» አለቻት። «ይሄ ፈንገስ ከውጭ የመጣብሽ አይደለም። ብዙ ሴት ጋ ትንሽ ትንሽ ይኖራል። አብረውት ደግሞ ልክ እንዳያልፍ የሚጠብቁ ጥሩ ተህዋሲያን አሉ። ለሽንትሽ የወሰድሽው መድኃኒት ክፉውንም ደጉንም ሳይለይ ነው የሚገድለው። ጠባቂዎቹ ሲያልቁ ፈንገሱ ሜዳውን አገኘ። እርግዝናው ራሱ ደግሞ ያግዘዋል። መድኃኒቱን መውሰድሽ ግን ትክክል ነበር። በሳሙናና በበረኪና ስትታጠቢ የተረፉትን ጠባቂዎች አንቺው ጨረስሻቸው፣ ቆዳሽንም ላጥሽው።»

«ባሌ...»

«ባልሽ አላመጣብሽም። እሱን ካላሳከከው ምንም አይወስድም።»

«ልጁስ?»

«ልጁን አይጎዳውም። እስክትወልጂ ከቆየ አፉ ላይ ነጭ ነገር ሊያወጣበት ይችላል፤ እሱም ይታከማል። ደግሞ እስከዚያ አይቆይም።» መድኃኒቱን ሰጠቻት፤ ከውስጥ የሚደረግ ፍሬ፣ ለሰባት ቀን፣ ልትተኛ ስትል፣ በታጠበ ጣት ቀስ ብላ። «በሦስተኛው ቀን ማሳከኩ ቢተውሽም ሰባቱን ጨርሺ። ከዚህ በኋላ ውጪውን ብቻ፣ በውኃ ብቻ። የጥጥ የውስጥ ልብስ። ካልተሻለሽ ወይ ከተመለሰ ወደኔ ነይ፣ ወደ ጠርሙሱ አትሂጂ።»

እኔ መሳቅ ፈለግኩ። እሷ አልሳቀችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ አለች፣ ሕመሙን ችላ።

«ቆሻሻ አይደለም?» አለች።

«ምኑ?»

«እኔ። ውስጤ።»

ሲስተር ሴትዮዋን ትኩር ብላ አየቻት። «ማነው እንዲህ ያለሽ?»

አልነገረቻትም። «አይደለም» አለች ሲስተር። «ቆሻሻ የሚባል ነገር የለብሽም። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ቆሻሻ ማህፀን አላየሁም።»

«እና እነዚያ ለምን ሄዱ?»

እኔ ግድግዳውን አየሁ። ሲስተር ካርዱን አንስታ አነበበች፤ እንደገና አነበበች። «እዚህ የመጀመሪያ እርግዝና ይላል።»

«ዋሽቼ ነው።»

ሲስተር አልገሰጸቻትም። «ለምን እንደሄዱ አሁን ልነግርሽ አልችልም» አለቻት። «ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል። ሲሄዱ የነበረውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ፤ ለሐኪሙም አሳይሻለሁ፣ ይሄኛውን በደንብ እንድንጠብቀው። ግን እርግጡን ልንገርሽ፣ አንቺ ስላልታጠብሽ አይደለም።»

እሷ እንደ እንጨት ደርቃ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ መሀረብ ፈለግኩ። አላለቀሰችም። ድምፅዋ የክፍላችን ድምፅ ሆነ፤ ጋሪ ስትመልስ ያለው ድምፅ።

«አስተካክይው እንግዲህ» አለች በጣቷ ካርዱን እየጠቆመች። «ሦስተኛ በይው።»

ሲስተር «የመጀመሪያ» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ «ሦስተኛ» ብላ ጻፈች። ዓመቱን ጠየቀቻት፤ ነገረቻት። ወሩንም፣ ቀኑንም ሳይቀር ነገረቻት፤ ለማስታወስ ትንሽ እንኳ አላሰበችም። «ሌላ የምትነግሪኝ አለ?» ስትላት እሷ ሁለት ስም ተናገረች፤ የወንድና የሴት። ሲስተር ቀና ብላ አየቻት። ካርዱ ላይ ለስም የተተወ ቦታ የለም። ከዳር በኩል፣ ባዶው ጠርዝ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል ሁለቱንም ጻፈቻቸው።

እኔ ሬዲዮ ነኝ፤ ይሄን ሁሉ አወራሁላችሁ። ስሞቹን ግን አልነግራችሁም። የሷ ናቸው።